ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫና የተረሳ ፒን



በዘንድሮው መጽሔታችን ለመጻፍ የመረጥሁት አርእስት በየቤታችን ባለው የእጅ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ስለሚቀር አንድ መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይባላል። ይኸው ነገር በቴሌግራምም፣ በኢሜይልም፣ በሌላም አገልግሎት ይገኛል፤ እኔ ግን ነገሩ እንዳይበዛብን ስለ ዋትስአፕ ብቻ እጽፋለሁ። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሞላሌ፣ ከራቤልም ሆነ ከዓለም ከተማ ወደ ዐረብ አገርና ወደ አሜሪካ የሄዱ ዘመዶች ያሉት ሰው ድምፃቸውን የሚሰማውና መልካቸውን የሚያየው በእርሱ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው።

፩. የመጀመሪያው ደረጃ ለምን አይበቃም?

ዋትስአፕ ሰውን የሚያውቀው በስልክ ቁጥሩ ነው። አንድ ሰው በአዲስ ስልክ ላይ ዋትስአፕን ሲከፍት መጀመሪያ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ከዚያም ወደዚያው ቁጥር 6 አኀዝ ያለው ኮድ በጽሑፍ መልእክት ይላካል። ኮዱን በትክክል የጻፈ ሰው የቁጥሩ ባለቤት ነው ተብሎ ይገባል፤ ቀድሞ የተከፈተበት ስልክም ወዲያው ይዘጋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ደረጃ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም።

አታላዮች የሚገቡት በዚሁ በር ነው። የእናታችሁን ቁጥር የሚያውቅ አንድ ሰው በራሱ ስልክ ላይ ያንን ቁጥር ይጽፋል። ኮዱ የሚደርሰው ለእናታችሁ ነው። ሰውዬው ይደውልና፣ ወይም ቀድሞ በሰረቀው በአንድ ዘመድ ስም ይጽፍና፣ «በስሕተት ወደ እርስዎ ስልክ የተላከ ቁጥር አለ፤ እባክዎ ያንብቡልኝ» ይላል። እናትም ለሰው መልካም ያደረጉ መስሏቸው ያነባሉ። በዚያችው ደቂቃ የእናት ዋትስአፕ ይዘጋል፤ በሌላው እጅም ይከፈታል። ከዚያ በኋላ በእናት ስም «ታምሜአለሁና ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ወደ ልጆቻቸው መሄድ ይጀምራል። የልጆቹም ጥፋት የለበትም፤ መልእክቱ የመጣው ከእናታቸው ቁጥር ነውና።

ሌባው የቀድሞውን ወሬ አያገኝም፤ የቀድሞው መልእክት የሚቀመጠው በራሱ በስልኩ ውስጥ ነው። የሚያገኘው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መልእክትና የቁጥሩን አመኔታ ነው፤ ለማታለል ግን ይኸ ይበቃዋል።

፪. ሁለት ቁጥሮች፣ ሁለት ጠባዮች

ዋትስአፕ ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ለሁሉም ያወጣው በየካቲት 2009 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ደረጃ ባለቤቱ ራሱ የሚያወጣው 6 አኀዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ሲሆን ስሙ ፒን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮዱና ፒኑ ሁለቱም 6 አኀዝ ስላላቸው አንድ እየመሰሉት ነው። ልዩነታቸው ይኸ ነው። ኮዱን የሚያወጣው ዋትስአፕ ነው፤ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በመልእክት ይመጣል፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ፒኑን ግን የምታወጡት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ካልቀየራችሁት አይለወጥም፤ በመልእክትም ከቶ አይላክም። ስለዚህ «ፒን ላክሁልህ» የሚል መልእክት ቢመጣ ውሸት መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ፒን ያወጣ ሰው ኮዱን ተታሎ ቢሰጥ እንኳ ሌባው ሁለተኛውን በር ተዘግቶ ያገኘዋል።

፫. ፒን እንዴት ይወጣል?

እዚህ የምጽፈው በአገራችን በብዛት በሚገኘው በአንድሮይድ ስልክ እንዴት እንደሚደረግ ነው። የስልኩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ የሚታዩት ቃላት እንደሚከተለው ናቸው።

ዋትስአፕን ከፍታችሁ በላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ትነካላችሁ፤ ከሚወርደው ዝርዝር «Settings» የሚለውን፣ ቀጥሎ «Account» የሚለውን፣ ከዚያም «Two-step verification» የሚለውን ትመርጣላችሁ። በሚከፈተው ገጽ ላይ «Turn on» ወይም «Set up PIN» የሚል ታገኛላችሁ። እርሱን ስትነኩ 6 አኀዝ ጻፉ ይላል፤ ትጽፋላችሁ፤ እንዳልተሳሳታችሁ ለማወቅ ያንኑ ቁጥር እንደ ገና ያጽፋችኋል። ከዚህ በኋላ የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል። እዚህ ላይ «Skip» የሚል ቃል አለ፤ እርሱን የነካ ሰው ኢሜይል ሳይጽፍ ያልፋል። ኢሜይሉን የጻፈ ሰው ግን አድራሻውን ካረጋገጠ በኋላ «Save» ወይም «Done» ብሎ ይጨርሳል። ሥራው ሁሉ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋትስአፕ አልፎ አልፎ ፒኑን ይጠይቃችኋል። ይህ ሰው የገባባችሁ ምልክት አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳትረሱት የሚያስጠናችሁ ነው። ይኸን ጥያቄ ብቻ ለይቶ ማስቀረት አይቻልም። ጥያቄው ሲመጣ ከወረቀት መገልበጥ ሳይሆን ከአእምሮ አውጥቶ መጻፍ ይገባል፤ ጥያቄው የተሠራው ለዚሁ ነውና። ይኸ ያልተደረገ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል ዝቅ ብዬ አሳያለሁ።

፬. ምን ዓይነት ቁጥር ይመረጣል?

በሒሳብ ክፍላችን እንደ ተማርነው ስድስት ቦታ ላይ ከ0 እስከ 9 ያለውን አኀዝ እንደ ልብ ብናስቀምጥ የሚገኘው ልዩ ልዩ ቁጥር 1,000,000 ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ሰው የሚመርጠው 123456ን፣ ወይም ስድስት ጊዜ አንድ ዓይነት አኀዝን፣ ወይም የትውልድ ቀኑን ነው። የትውልድ ቀን ክፋቱ አታላዩ የሚያውቀን ሰው ከሆነ መገመት እንኳ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የስልካችን የመጨረሻ 6 አኀዝም እንዲሁ ነው፤ ሌባው ሲጀምር የጻፈው ቁጥር እርሱ ነውና በእጁ አለ። በሞባይል ገንዘብ የምንከፍልበትን የምስጢር ቁጥርም እዚህ መድገም አይገባም፤ አንዱ በታወቀ ጊዜ ሁለቱም ይከፈታሉ።

እኔ ለቤተ ሰቤ ያሳየሁት መንገድ ይኸ ነው። ስድስት ቃል ያላትን አንዲት የቤት ዐረፍተ ነገር መርጦ በየቃሉ ውስጥ ያሉትን ፊደላት መቁጠር ነው። ለምሳሌ «አያቴ በልጅነቷ ያረባቻት ጥቁር በግ ነበረች» ብንል፣ አያቴ 3፣ በልጅነቷ 5፣ ያረባቻት 5፣ ጥቁር 3፣ በግ 2፣ ነበረች 4 ይሆንና 355324 ይወጣል። ቁጥሩ ቢጠፋ ዐረፍተ ነገሩ አይጠፋም። በመጽሔት የታተመችውን በግ ግን ማንም እንዳይወስዳት አደራ እላለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ያውጣ።

፭. ስለ ኢሜይሉ

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ይህ ክፍል ነው። ኢሜይሉ የተጠየቀው ፒኑ በተረሳ ጊዜ መታደሻው ወደዚያ እንዲላክ ነው፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ነገር ግን አድራሻ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ባለቤቱ ያንን ኢሜይል መክፈት መቻል አለበት።

በመንደራችን በብዙ ሰው ስልክ ላይ ኢሜይል አለ። ይኸውም ስልኩ በተገዛ ጊዜ ሻጩ ፕሮግራሞቹን ለማውረድ ሲል የከፈተው ነው። ባለቤቱ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም አያውቅም። እንዲህ ያለውን አድራሻ በዋትስአፕ ላይ መጻፍ የቤትን ቁልፍ ለማይታወቅ መንገደኛ አደራ እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል። አንድ ሌላ ሰው ወደ አድራሻው ጥቂት ቃል ይላክ፤ ከዚያም ባለቤቱ በሌላ ስልክ ወይም በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃሉን ራሱ ጽፎ ይክፈት። በዚያ መንገድ ከተከፈተ አድራሻው የእርሱ ነው። በራሱ ስልክ ላይ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ግን ስልኩ በጠፋ ቀን ኢሜይሉም አብሮ ይጠፋል። ኢሜይል የሌላቸው ወላጆች የሚያምኑትን የአንድ ልጃቸውን አድራሻ ቢያስጽፉ ይሻላል፤ የዚያ አድራሻ ባለቤት ፒኑን ሊያድስ እንደሚችል ግን ማወቅ ይገባል።

፮. ፒኑ ሲረሳ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፒን የረሳ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዋትስአፕ በስልኬ ላይ አሁን ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል? የሚል ነው።

ክፍት ከሆነ ችግር የለም። ቀደም ብዬ በጻፍሁት መንገድ «Settings»፣ «Account»፣ «Two-step verification» ብሎ ገብቶ «Change PIN» የሚለውን መንካትና አዲስ ቁጥር መጻፍ ነው። ስለዚህ ፒኑ መጥፋቱን ያወቀ ሰው ዋትስአፑን አጥፍቶ እንደ ገና መጫን የለበትም። ይኸን ያደረገ እንደ ሆነ በውስጥ ቆሞ የነበረው ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን በራሱ ላይ ዘጋ ማለት ነው።

የተዘጋ ከሆነና ኢሜይል ከተጻፈ፣ ፒን በሚጠይቀው ገጽ ላይ «Forgot PIN?» የሚለውን ይነካል፤ ከዚያም ወደ ኢሜይሉ እንዲላክ ያዛል። በኢሜይሉ የሚደርሰውን ማያያዣ ከፍቶ ካረጋገጠ በኋላ ወደ ዋትስአፕ ተመልሶ እንደ ገና «Forgot PIN?»፣ ቀጥሎም «Reset» ይላል። ይኸ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ራሳችሁ ሳትጠይቁ እንዲህ ያለ ኢሜይል ቢመጣ ግን ማያያዣውን አትክፈቱ፤ ሌላ ሰው ፒናችሁን ለማፍረስ እየሞከረ ነው ማለት ነውና።

የተዘጋ ከሆነና ኢሜይልም ከሌለ 7 ቀን መጠበቅ ነው። ከዚህ የሚያሳጥር መንገድ የለም።

ይኸ የመጨረሻው በአጎቴ ላይ የደረሰ ስለ ሆነ እንደ ሆነው እተርካለሁ። አጎቴ በግ ነጋዴ ነው። ልጁ ለመስቀል ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳለ ፒን አወጣለትና ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በስልኩ ሽፋን ውስጥ ሻጠለት፤ ኢሜይሉን ግን «Skip» ብሎ አለፈው። ዋትስአፕ ፒን በጠየቀ ቁጥር አጎቴ ሽፋኑን ገልጦ ይገለብጥ ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ስልኩ ከነሽፋኑ ጠፋ። ቁልፉና ቤቱ አንድ ላይ ሄዱ።

ሰኞ ጧት መታወቂያውን ይዞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሄደና በዚያው ቁጥር ሌላ ሲም ካርድ አወጣ። ይኸ የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት፤ ያለ ሲም ካርዱ ኮዱ አይደርስምና። ከቀኑ በ9 ሰዓት በአዲሱ ስልክ ላይ ዋትስአፕን ከፈትንለት። ኮዱ መጣ፤ ጻፍንለት፤ የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ቀጥሎ ፒን ተጠየቀ። ልጁን ደውለን ብንጠይቀው ሦስት ቁጥር ገመተ፤ ሦስቱም አልሆኑም። ከዚያ በኋላ መገመቱን ተውነው፤ ደጋግሞ የሚሳሳት ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሞክር ይታገዳልና ትርፍ የለውም። «Forgot PIN?» ብንነካ ኢሜይል የለም፤ የቀረው 7 ቀን መጠበቅ ብቻ ሆነ።

አጎቴም «እኔው ባለቤቱ ቆሜ፣ ሲሙ በእጄ ሆኖ፣ ለምን ሳምንት እቀጣለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ግን ዋትስአፕ እርሱን አያየውም፤ የሚያየው ኮዱን የያዘ፣ ፒኑን የማያውቅ አንድ ሰው ነው። ሌባም መልኩ ይኸው ነው። ፒን የማያውቅ ሁሉ በዚያው ሰዓት እንዲገባ ቢፈቀድ ኖሮ ፒን ማውጣት ከንቱ ይሆን ነበር። ሳምንቱ የተሰጠው እውነተኛው ባለቤት ስልኩ መዘጋቱን አይቶ በራሱ ኮድ እንዲመለስ ነው።

በዚያ ሳምንት ሦስት ነገር አደረግን። በውጭ አገር ላሉት ልጆቹ በተራ ስልክ ደውለን እስከሚቀጥለው ሰኞ በዋትስአፕ እንደማይገኝና በስሙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ እንዳያምኑ ነገርናቸው። የሚያስፈልገውንም መልእክት በኋላ እንደ ገና እንዲልኩት ለመንን። ዋትስአፑንም እያጠፉ መጫንን ተውን። በሚቀጥለው ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ «Forgot PIN?» ብለን «Reset» የሚለውን ነካን፤ ተከፈተ። ከመጠቀሙ በፊት አጎቴ የራሱን ስድስት ቃል አስቦ አዲስ ፒን አወጣ፤ የልጁም ኢሜይል ተጻፈ። ወረቀቱ ዛሬ ያለው ከስልኩ ጋር ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ ከቤቱ ሰነድ ጋር ነው።

፯. ፒኑን ያወጣው ሌባው የሆነ እንደ ሆነ

ፒን ያላወጣ ሰው ዋትስአፑ ሲሰረቅበት ሌላ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ሌባው ከገባ በኋላ የራሱን ፒን ያወጣል። ባለቤቱ በኮዱ ተመልሶ ለመግባት ሲሞክር የማያውቀውን ፒን ይጠየቃል፤ «በቃ ጠፋ» ብሎም ይተወዋል።

መተው ግን አይገባም። ባለቤቱ በስልኩ የደረሰውን ኮድ በጻፈባት ቅጽበት፣ ፒኑን ባያውቀውም እንኳ፣ ሌባው ከዋትስአፑ ይወጣል። ባለቤቱ ለመግባት 7 ቀን ይጠብቃል፤ ሌባው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእርሱ ስም አይጽፍም። ስለዚህ ስልኩ በድንገት የተዘጋበት ሰው በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ቁጥሩን ጽፎ ኮድ ያስመጣ፤ ኮዱንም ለማንም ሳያነብ ራሱ ይጻፍ። በመዘግየቱ ምክንያት ወደ ዘመዶቹ የሚሄደው የሐሰት ልመና ይበዛል።

፰. ፒኑ የማይከለክለው

የዚህ መቀርቀሪያ ኃይል ወሰን አለው። ፒኑ የሚጠየቀው ቁጥሩ በሌላ ስልክ ላይ እንደ አዲስ ሲመዘገብ ነው። ዋትስአፕ ከኮምፒዩተር ጋር በሚያያዝበት በር በኩል የሚመጣ አታላይ ግን ፒን አይጠየቅም። እንዲህ ያለው ሰው «ይህን ሥዕል በስልክህ አንሣው» ወይም «ይህን ኮድ በዋትስአፕህ ላይ ጻፍ» ብሎ ያግባባል፤ የሠራነው እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩን ከእኛ ዋትስአፕ ጋር አያያዝንለት ማለት ነው፤ ስልካችንም ስለማይዘጋ አናውቅም። ይኸን ለመመርመር በሦስቱ ነጥቦች በኩል «Linked devices» የሚለውን መክፈት ነው። የማናውቀው መሣሪያ ተጽፎ ከተገኘ እርሱን ነክቶ «Log out» ማለት ያስወጣዋል።

ደግሞም ፒኑ ስልኩን ራሱን አይቆልፍም። ስልኩን ክፍት ያገኘ ሰው ዋትስአፑን ያነባል፤ ከዚህም አልፎ ባለቤቱ የረሳውን ፒን በሚቀይርበት በዚያው መንገድ ገብቶ ፒኑን ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ የስልኩ የራሱ መቆለፊያ ከዚህ የተለየ ሥራ አለውና እርሱም ይኑር።

ይኸን ጽሑፍ ያነበባችሁ የክፍል ጓደኞቼ ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁን ስልክ ተቀብላችሁ «Two-step verification» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ ፒን ወጥቷል ወይ? ኢሜይሉስ የሚከፈት ነው ወይ? ሁለተኛው የጎደለ እንደ ሆነ ስልኩ እስኪጠፋ ድረስ አይታወቅም፤ በታወቀ ጊዜም ዋጋው አንድ ሳምንት ነው።